«ስለ አቀንጭራ ላጠና ነው»፤ እውነት ወይስ ተረት?

በሀብሩ ወረዳ ለሚኖረው የሐራ ሰው አቀንጭራ አዲስ ነገር አይደለም። ነሐሴ ተጋምሶ መስከረም ሲገባ በማሽላው ሥር ሐምራዊ አበባ አውጥቶ የሚቆም ውብ አረም ነው። ውበቱ ግን ለመንገደኛ ነው፤ ባለማሳው ሲያየው ይተክዛል።

እንግዲህ ከሐራ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ ዕፅዋት ሳይንስ የምትማር አንዲት ተመራቂ ተማሪ አስቡ። ስም አልሰጣትም፤ ከብዙ ተማሪዎች አሰባስቤ የሠራኋት ናት። በጥቅምት ወር አማካሪዋ «ምን ልታጠኚ አሰብሽ?» ሲላት «ስለ አቀንጭራ» ትላለች። ነውር የለበትም፤ ያደገችበት ማሳ ችግር ነው። ነገር ግን «ስለ አቀንጭራ» ፍላጎት ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ከዚያች ቃል ተነስቶ ፕሮፖዛል እስኪደረስ ባለው መንገድ ላይ ተማሪ ለተማሪ የሚቀባበላቸው፣ አንዳንዴም መምህሩ ራሱ የሚያጸድቃቸው ተረቶች አሉ። ከዚህችው ልጅ ጋር እየሄድን እንያቸው።

ተረት፦ «መጀመሪያ ርዕስ ይጽደቅልኝ፤ ጥያቄው በኋላ ይመጣል»

እውነቱ ተቃራኒው ነው። ርዕስ መጨረሻ ላይ የሚጻፍ የጥያቄው አጭር ስም ነው። ጥያቄ ሳይኖር የተጻፈ ርዕስ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፦ «የአቀንጭራ አረም በማሽላ ምርት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ዳሰሳ፤ በሐራና አካባቢው»። ልጅቷም የጻፈችው ይህንኑ ነው። ሲነበብ ደንበኛ የጥናት ርዕስ ይመስላል።

አማካሪዋ ሁለት ነገር ጠየቃት። የመጀመሪያው፦ «ነገ ጠዋት ሐራ ብትወርጂ ማንን ታናግሪያለሽ? ምን ታያለሽ? ደብተርሽ ላይስ ምን ትጽፊያለሽ?» ዝም አለች። ተጽዕኖውን ለመለካት አቀንጭራ ያለበትንና የሌለበትን ማሳ ማወዳደር ያስፈልጋል። ሁለቱ ማሳዎች ደግሞ በአፈር ለምነት፣ በዘር ዓይነትና በተዘሩበት ቀን መመሳሰል አለባቸው። አቀንጭራ ደግሞ የሚበረታው በደከመ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ አረሙ ያለበት ማሳ ምርቱ ቢያንስ፣ ያሳነሰው አረሙ ይሁን ድሮውንም የደከመው አፈር መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የባሰ ነበር፦ «መልሱ ‹የለም፣ አይጎዳም› ሊሆን ይችላል?» አይችልም። አቀንጭራ ማሽላን እንደሚጎዳ ሐራ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፤ እሷም ከቤቷ ሳትወጣ ታውቀዋለች። መልሱ ሁለት ሊሆን የማይችል ጥያቄ ደግሞ ለጥናት አይሆንም። የመመረቂያ ጽሑፎች መደምደሚያ ብዙ ጊዜ ከመግቢያው ጋር አንድ ዓይነት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ተረት፦ «ሰፊ ጥያቄ ክብደት አለው፤ ጠባብ ጥያቄ የሰነፍ ነው»

ይህን ተረት ለማፍረስ ከራሱ ከአቀንጭራ የተሻለ ምስክር የለም።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ ወለንኮሚ ተወልደው ያኔ ዓለማያ ይባል በነበረው ኮሌጅ ተምረው፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የደረሱ የማሽላ አዳቃይ ናቸው። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት በዋናነት ለድርቅና ለአቀንጭራ በሠሩት ሥራ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበረው ልማድ አረሙ በሞላበት ማሳ ብዙ ዓይነት ማሽላ ዘርቶ የተረፈውን መምረጥ ነበር። ጥያቄው ሰፊ ነበር፦ «አቀንጭራን የሚቋቋመው የትኛው ነው?» ችግሩ፣ የአቀንጭራ ዘር በማሳ ውስጥ እኩል አይበተንም። አንዱ ማሽላ ተቋቁሞ ይተርፋል፤ ሌላው ከሥሩ ዘር ስላልነበረ ብቻ ይተርፋል። ዓይን ሁለቱን አይለይም። በዓመቱ ዝናቡ ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል።

ገቢሳና የሥራ ባልደረባቸው የነበሩት የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ላሪ በትለር ያደረጉት ጥያቄውን መሸንሸን ነው። አቀንጭራ በአንድ ጊዜ አያጠቃም። ዘሩ መጀመሪያ እርጥበት ጠጥቶ ይዘጋጃል። ከዚያ ከማሽላው ሥር የሚወጣ ኬሚካላዊ ምልክት ይጠብቃል፤ ምልክቱ ከደረሰው ይበቅላል፣ ሥሩ ላይ ይጣበቃል፣ ከመሬት በታች ለሳምንታት እየጠባ ይቆያል፣ በመጨረሻ ብቅ ይላል። እነሱ ከዚህ ሁሉ አንዷን ደረጃ ብቻ ለይተው ጠየቁ፦ ይህ ማሽላ ከሥሩ የሚያወጣው ምልክት ከሌላው ያነሰ ነው ወይ? ይህ ላቦራቶሪ ውስጥ በሳህን ላይ የሚታይ ነገር ነው። በአጋር ላይ የማሽላውን ቡቃያና የአረሙን ዘር አንድ ላይ አድርጎ፣ ከሥሩ ምን ያህል ርቀት ድረስ ያለው ዘር እንደበቀለ በማስመሪያ መለካት ነው።

ከዚያች ጠባብ ጥያቄ የወጡ ዝርያዎች አገራችን ገብተው ጎብዬ፣ አብሽር፣ ብርሃን በሚል ስም ተለቀቁ። ጎብዬ ስሙ የከተማ ስም ነው፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ ታልፉበታላችሁ። ለዚህ ቆላ የሚሆን ማሽላ የሚመራመረው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም እዚሁ ሀብሩ ውስጥ ነው። የዓለም ሽልማት ያስገኘው ጥያቄ በማስመሪያ የሚለካ ከነበረ፣ የአንድ መንፈቅ ተማሪ «የማሽላን ምርታማነት በኢትዮጵያ» ለመሸከም ለምን እንደምትታገል አይገባኝም።

ተረት፦ «ሐራ ላይ ማንም አላጠናውም፤ ስለዚህ ክፍተት አለ»

ሐራ ላይ ያልተጠና ነገር ብዙ ነው፤ ሐራ ላይ የስበት ሕግም አልተጠናም። ቦታ ብቻውን ክፍተት አይሆንም። ክፍተት የሚሆነው ሐራን ቀደም ሲል ከተጠናበት ቦታ የሚለያት፣ መልሱንም ሊለውጥ የሚችል ነገር ሲኖር ነው።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ «የሚቋቋም ዝርያ ካለ የሐራ ገበሬ ለምን አይዘራውም?» ወደሚል ጥያቄ ዞረች። ይህ ከበፊቱ በጣም ይሻላል፤ መልሱ ብዙ ሊሆን ይችላልና። ግምትም ነበራት። እነዚህ ዝርያዎች ቁመታቸው አጭር ነው። የሐራ ሰው ደግሞ ማሽላን ለእህሉ ብቻ አይዘራም፤ አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ስለዚህ ጥያቄዋን እንዲህ አደረገችው፦ ለከብቶቻቸው በአገዳ ላይ ይበልጥ የሚደገፉ ቤተሰቦች አጭሩን ዝርያ የመዝራት ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነው ወይ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን በወረቀት ላይ ጥሩ መሆኑ አይበቃም። በአንድ ቅዳሜ ወርዳ ሃያ የሚያህሉ ገበሬዎችን እንድትጠይቅ ተነገራት፤ «ባለፈው መኸር ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱን ዘርተዋል?» ብቻ ብላ። ከሃያው የዘራ አንድ ብቻ ቢሆን ጥናቱ እዚያው ያበቃል፤ ማወዳደር የሚቻለው ሁለቱም ወገን ሲኖር ነው። አንድ ቀን የፈጀ ጥየቃ አንድ መንፈቅ ያድናል። በእኛ ልጅ ላይም የደረሰው ይኸው ነው እንበል፤ ሁሉም ረጅሙን የአገር ዘር ነው የዘሩት። ባዶ እጇን ግን አልተመለሰችም፤ አጎቷ ማሳው ዳር ቆሞ ያላትን ይዛ መጣች። «ለምን አትነቅሉትም?» ብላው ኖሮ «እንነቅላለን እንጂ ልጄ፤ እኛ ስንደርስበት እሱ በልቶ ጨርሷል» አላት።

ተረት፦ «ጥያቄው ጥሩ ከሆነ መረጃው አይጠፋም»

ብዙ ፕሮፖዛል የሚሞተው እዚህ ነው፤ ገዳዩም የቀን መቁጠሪያ ነው።

የአጎቷ ቃል ሳይንስም የሚያውቀው ነው። አቀንጭራ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው ከመሬት ሳይወጣ ነው፤ ሲታይ ማሽላው ቀድሞ ተጠብቷል። ታዲያ ብቅ ያለውን መንቀል ምን ይጠቅማል? ለዘንድሮው እምብዛም አይጠቅምም፤ ለመጪዎቹ ዓመታት ግን በጣም ይጠቅማል። አንድ አቀንጭራ በአስር ሺዎች የሚቆጠር፣ አቧራ የሚያህል ዘር ያራግፋል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ነገር መነቀሉ ብቻ ሳይሆን መቼ መነቀሉ ነው። አብቦ ፍሬ ካሰረ በኋላ ተነቅሎ ማሳው ዳር የተጣለ አቀንጭራ እዚያው ሊያፈራ ይችላል። ከብት ከበላውም ዘሩ በእበት ተመልሶ ማሳ ሊገባ ይችላል።

ጥያቄው ተወለደ፦ የሐራ ገበሬ አቀንጭራን የሚነቅለው ፍሬ ከማሰሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህስ ከቤተሰቡ የሥራ ጉልበት ጋር ይያያዛል?

ልጅቷ ደስ ብሏት «ማሳ ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ» አለች። በየትኛው ወር? ፕሮፖዛሉ የሚጸድቀው በጥር ነው፤ መረጃ የሚሰበሰበው በየካቲትና በመጋቢት፤ ጽሑፉ የሚቀርበው በግንቦት ወይም በሰኔ። የሐራ ማሽላ ግን የበልጉ ዝናብ ከሰጠ በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል፤ በልጉ ከቀረ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ቶሎ የሚደርሰው ይዘራል። አቀንጭራ በነሐሴና በመስከረም ይታያል። ማሽላው በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። በመጋቢት ማሳ ላይ ብትቆም የምታየው አቧራና ገለባ የሚለቅም ከብት ነው። የማሳ ምልከታን የሚጠይቅ ማንኛውም የአቀንጭራ ጥያቄ በዚህ የትምህርት ካሌንደር መልስ የለውም።

ሦስት መውጫ አለ። አንደኛው በዩኒቨርሲቲው ቅጥር በማሰሮ ማሽላና የአረሙን ዘር አብሮ ዘርቶ ውኃ እያጠጡ መሞከር ነው፤ ይህ ግን ጥያቄውን ይለውጠዋል፣ ስለ ገበሬው ውሳኔ የሚነግረን ነገር የለም። ዘሩ እንዳያመልጥም ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሌሎች የሰበሰቡትን መረጃ ለምኖ መጠቀም ነው፤ ካገኙ። ሦስተኛው ገበሬው ያለፈውን መኸር አስታውሶ እንዲነግር መጠየቅ ነው። እሷ ሦስተኛውን መረጠች፤ የጥያቄዋም ቃላት አብረው ተለወጡ። «ገበሬው የሚነቅለው መቼ ነው?» የነበረው «ባለፈው መኸር የነቀልኩት በዚህ ጊዜ ነው የሚለው መቼ ነው?» ሆነ። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሐቀኛው ይህ ነው። የምትለካው ድርጊቱን ሳይሆን ትዝታውን ነው፤ ይህም ፕሮፖዛሉ ላይ እንደ ገደብ መጻፍ አለበት።

ትዝታን የሚያግዝ ዘዴም አለ። ገበሬን «በስንት ቀኑ ነቀልክ?» ብሎ መጠየቅ ቁጥር እንዲፈጥር መገፋፋት ነው። ይልቅ አራት ፎቶ ማሳየት ይሻላል፦ ገና አረንጓዴ ቡቃያ የሆነ፣ አበባ ያወጣ፣ አበባው ረግፎ ፍሬ ያሰረ፣ ደርቆ የጠቆረ። «የነቀላችሁት የትኛውን መስሎ ሳለ ነው?» የሚለውን ማንም ይመልሰዋል። «ጭራሽ አልነቀልንም» የሚል አምስተኛ መልስም መኖር አለበት፤ ያለዚያ ያልነቀለው ሰው እንግዳ ላለማሳፈር ብሎ አንዱን ፎቶ ይጠቁማል።

ተረት፦ «ዓላማ ማለት ርዕሱን ‹መዳሰስ› ብሎ መድገም ነው»

አጠቃላይ ዓላማ ጥያቄውን ወደ ሥራ የለወጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በእሱ ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሥራው ያለው ዝርዝር ዓላማዎቹ ላይ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ሰባት ዓላማ ጽፋ ነበር። አምስቱ «መዳሰስ» በሚል ያበቃሉ፤ አንዱ «ለችግሩ መፍትሔ መስጠት» ይላል፤ ሌላው «የገበሬውን ግንዛቤ ማሳደግ»። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የጥናት ዓላማ አይደሉም፤ የግብርና ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ናቸው። በመጋቢት ግንዛቤ ማሳደጓን በግንቦት በምን ልታረጋግጥ ነው?

«መዳሰስ» የሚለው ግሥ ደግሞ ተግባሩን ይደብቃል። መቁጠር ነው? ማወዳደር ነው? መግለጽ ነው? ይህን የሚያጋልጥ አንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ ለእያንዳንዱ ዝርዝር ዓላማ ባዶ ሠንጠረዥ መሣል። ረድፉ ምንድን ነው? ዓምዱስ? በሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው ወይስ መቶኛ? ሠንጠረዡ የማይሣል ከሆነ ዓላማው ገና ዓላማ አልሆነም። በቃለ መጠይቅ ትርጉምን የሚፈልግ ጥናት ከሆነ ሠንጠረዡ ቀርቶ፣ ምዕራፉ በምን በምን ንዑስ ርዕስ እንደሚከፈል መጻፍ ይቻላል፤ ሐሳቡ ያው ነው።

ከሰባቱ የተረፉት ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ባለፈው መኸር ማሽላ ከዘሩ የአንድ ቀበሌ ቤተሰቦች ስንት በመቶው አቀንጭራን ፍሬ ከማሰሩ በፊት እንደነቀሉ ማስላት ነው፤ ሠንጠረዡ አምስት ረድፍ አለው፣ አራቱ ፎቶዎችና «አልነቀልንም»። ሁለተኛው፣ የተነቀለው አረም ምን እንደተደረገ መለየት ነው፦ ተቃጠለ፣ ለከብት ተሰጠ፣ ማሳው ዳር ተጣለ። ሦስተኛው፣ ቀድሞ በመንቀል ረገድ ብዙ ሠሪ እጅ ያላቸውንና ጥቂት ያላቸውን ቤተሰቦች ማወዳደር ነው። እዚህ ላይ «ጉልበት» የሚለውን ቃል በቁጥር መተርጎም ግድ ነው፦ ባለፈው መኸር ማሳ ላይ የሠሩ፣ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑ የቤተሰብ አባላት ብዛት።

ይህ ሦስተኛው ዓላማ ሊሸነፍ የሚችል መሆኑን ልብ በሉ። ሠሪ እጅ የሞላበት ቤትም ዘግይቶ ነቅሎ ሊገኝ ይችላል፤ አጎቷ እንዳለው ዘንድሮ የማይጠቅምን ሥራ ማን ቀድሞ ይሠራል? ያ ከሆነ ችግሩ ጉልበት ማጣት ሳይሆን ጥቅሙ ሩቅ መሆኑ ነው። ሁለቱም መልስ የሚነበብ መልስ ነው።

ተረት፦ «የናሙናው ቁጥር በቀመር ይወጣል፤ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም»

ተማሪ ሁሉ የያማኔን ቀመር ያውቃል፦

```
n = N / (1 + N × e²)
```

ቀበሌው 1,200 ቤተሰብ አለው እንበል። በ0.05 የስሕተት መጠን 300 ቤተሰብ ይወጣል፤ በ0.1 ደግሞ 93። አንዲት ልጅ ከቤት ቤት በእግሯ እየሄደች በቀን ስድስት ቤተሰብ ብታናግር፣ 300ው 50 ቀን ይፈጃል፤ 93ቱ 16 ቀን። መንፈቁ የሚችለው ሁለተኛውን ነው፤ ዋጋው መቶኛዎቹ እስከ አሥር ነጥብ ያህል ወዲያና ወዲህ ሊሉ መቻላቸው ነው።

ቀመሩ የማይነግራት ግን ሌላ ነው። እሱ የሚያገለግለው አንድን መቶኛ ለመገመት፣ ማለትም ለመጀመሪያው ዓላማ ነው። ሦስተኛው ዓላማ ሁለት ወገን ያወዳድራል። «ብዙ እጅ» ያለችው አምስትና ከዚያ በላይ ሠሪ ያለበትን ቤት ከሆነ፣ ከ93ቱ እዚያ የሚወድቁት ስምንት ወይም ዘጠኝ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእነሱ ላይ የሚቆም ንጽጽር የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። መስመሩን ቤተሰቦቹን እኩል ለሁለት በሚከፍለው ቁጥር ላይ ማስመር፣ ይህንንም ውጤቱን ካዩ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ፕሮፖዛሉ ላይ መጻፍ ነው።

ርዕሱን የጻፈችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ «የማሽላ አምራች ቤተሰቦች አቀንጭራን የሚነቅሉበት ጊዜና ከቤተሰብ ጉልበት ጋር ያለው ግንኙነት፤ በሐራ አካባቢ በአንድ ቀበሌ»። «ተጽዕኖ»ም «ዳሰሳ»ም የለበትም።

ለትምህርት ክፍሎች አንድ ልመና አለኝ። የማሳ ጥናት የሚፈልግ ተማሪ ፕሮፖዛሉን ከመመረቂያው ዓመት በፊት ባለው ሰኔ ያስገባ። ክረምቱን እንደሆነ ሐራ ነው የሚያሳልፈው፤ አቀንጭራውም በነሐሴ እዚያው በቤተሰቡ ማሳ ላይ ይጠብቀዋል።